ሚሊዮን ረድፍ ያለውን ፋይል በናሙና መፈተሽ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ፋይል ይላክላችኋል። አብሮት «እስቲ ጥራቱን አይተህ እስከ ዓርብ ግማሽ ገጽ ጻፍልን» የሚል መልዕክት ይመጣል። ከዚያ በኋላ ሰዎች የሚጠይቁኝን ነው እዚህ የሰበሰብኩት።

ምሳሌው ሁሉ ከአንድ ሥራ ነው። የአንድ ቁጠባና ብድር ተቋም የደንበኞች መዝገብ፣ 1,240,000 ረድፍ፣ ሰባት ዓምድ፤ መለያ ቁጥር፣ ሙሉ ስም፣ ስልክ፣ የልደት ቀን፣ የተመዘገበበት ቀን፣ ቅርንጫፍ፣ ቀሪ ሂሳብ። ተቋሙ ለደንበኞቹ በስልክ አጭር መልዕክት መላክ ፈልጎ ነበር። ስሙን አልጠቅስም፤ ቁጥሮቹንም ለማስላት እንዲቀሉ አጠጋግቻቸዋለሁ።

ፋይሉን በኤክሴል ከፍቼ ባየው ምን ችግር አለው?

ኤክሴል በአንድ ገጽ የሚይዘው 1,048,576 ረድፍ ብቻ ነው። ከዚያ በላይ ያለውን አይጭነውም። ማስጠንቀቂያ ያወጣል፣ ግን ማን ያነበዋል? ሁላችንም «እሺ» ብለን እናልፋለን።

እኛ ጋ የሆነው ይኸው ነው። አንድ ባልደረባችን ፋይሉን ከፈተ፣ የአንዱን ዓምድ ስም አስተካከለ፣ ሴቭ አደረገና ላከልን። የራስጌው መስመር ሲቀነስ 1,048,575 ደንበኛ ቀረ ማለት ነው፤ 191,425 ሰው ድምፁ ሳይሰማ ጠፋ። ፋይሉ በምዝገባ ቀን የተደረደረ ስለነበር የጠፉት በሙሉ አዲሶቹ ደንበኞች ናቸው። የነቃነው የመጨረሻውን ቀን ስናይ ነው፤ ከጥር ወዲህ አንድም ሰው አልተመዘገበም ይላል፣ ቅርንጫፎቹ ግን በየቀኑ ሰው ሲመዘግቡ ነው የዋሉት።

ስለዚህ 1,048,576 የሚለውን ቁጥር በቃላችሁ ያዙት። አንድ ፋይል ልክ በዚህ ቁጥር ላይ ካለቀ፣ ከእናንተ በፊት የሆነ ሰው በኤክሴል ከፍቶት ነበር።

ሁለተኛው ጣጣ ስልክ ላይ ነው። ኤክሴል ስልክን እንደ ቁጥር ስለሚያየው መጀመሪያ ያለችውን ዜሮ ይበላታል፤ አሥር አሃዝ የነበረው ዘጠኝ ይሆናል። ይሄ ቀላል ነው፣ ዜሮዋን መመለስ ይቻላል። በ251 የሚጀምረው አሥራ ሁለት አሃዝ ግን `2.51911E+11` ሆኖ ይታያል፣ በዚያው መልክ ሲኤስቪ ሆኖ ከተቀመጠ ደግሞ የቀሩት አሃዞች የሉም። ማንም አይመልሳቸውም። ዋናውን ፋይል ከላኪው እንደገና መጠየቅ ነው።

የመጀመሪያው እርምጃ እንግዲህ ዋናውን ፋይል ኮፒ አድርጎ ማስቀመጥና ሳይከፍቱ መስመሩን መቁጠር ነው፦

```
wc -l customers.csv
```

የሚወጣው ቁጥር ራስጌውንም ይጨምራል። አድራሻ ወይም አስተያየት የሚጻፍበት ዓምድ ካለ፣ ሰው ውስጡ ኢንተር መትቶ ሊሆን ስለሚችል የመስመሩ ቁጥር ከረድፉ ሊበልጥ ይችላል። ከዚያ ላኪውን በስልክ «ስንት ረድፍ ነው የላካችሁልኝ?» ብላችሁ ጠይቁ። መልሱን ካላወቀ እሱ ራሱ አንድ ግኝት ነው፣ ጻፉት።

የመጀመሪያዎቹን 500 ረድፎች ባይስ? ናሙና አይደለም እንዴ?

አይደለም። እህል የሚገዛ ነጋዴ የጆንያውን አፍ ከፍቶ ከላይ ያለውን ብቻ አይቶ ገንዘብ አይከፍልም፤ ጎኑን በብረት ወግቶ ከመሃል ያወጣል። የፋይል አፍም እንደዚያው ነው። መጀመሪያ ላይ ያሉት ረድፎች ብዙ ጊዜ የሆነ የተለየ ነገር አላቸው፤ የመጀመሪያ ቀን ሙከራዎች፣ አንድ ቅርንጫፍ ብቻ፣ ወይም አንድ ጠንቃቃ ጸሐፊ የሞላቸው። የኛ ፋይል የመጀመሪያዎቹ 500 ረድፎች ከአንድ ቅርንጫፍ የመጡ ነበሩ፤ ስልካቸውም ስማቸውም ፍጹም ንጹሕ ነው። በነሱ ብንፈርድ ኖሮ «ምንም ችግር የለም» ብለን እንጽፍ ነበር።

በዓይን «እየዘለልኩ» መምረጥም አይሠራም። ዓይን ሳያስበው ሙሉ የሆኑትንና ለማንበብ የሚቀሉትን ነው የሚመርጠው። ዕጣው ለማሽን ይተው።

ማሽኑ ሁሉንም ማየት ከቻለ ናሙና ለምን አስፈለገ?

ይሄ ከሁሉም ጥያቄ የተሻለው ነው፣ ብዙ ሰው ግን ሳይጠይቀው ነው ሥራ የሚጀምረው።

ማሽን ሊቆጥረው የሚችለውን በናሙና አትገምቱ፤ ሙሉውን ቁጠሩ። ባዶ ስልክ ስንት ነው? ቀኑ ወደፊት የሆነ ስንት አለ? የማይታወቅ የቅርንጫፍ ስም አለ? እነዚህ በደቂቃዎች ውስጥ ለ1,240,000ውም ይወጣሉ። ናሙና የሚያስፈልገው የሰው ዓይን ወይም ሌላ ምንጭ ለሚጠይቀው ነው፤ ይህ ስልክ በእርግጥ የዚህ ሰው ነው? ደንበኛው በፎርሙ ላይ የጻፈው ስም ይሄ ነው?

የኛ የስልክ ዓምድ ይኸውላችሁ። መጀመሪያ ርዝመቱን ለሁሉም ረድፍ ቆጠርን፦

```python
import pandas as pd
d = pd.read_csv("customers.csv", dtype=str, keep_default_na=False)
print(d["phone"].str.len().value_counts())
```

`dtype=str` የምትለዋን አትርሱ። እሷ ከሌለች ፓይተንም እንደ ኤክሴል ዜሮዋን ሊበላ ይችላል።

የወጣው እንዲህ ነበር። አሥር አሃዝ 1,091,000፣ ዘጠኝ አሃዝ 87,000፣ አሥራ ሁለት አሃዝ 31,000፣ ባዶ 24,800፣ ሌላ ርዝመት ያለው 6,200። ዘጠኞቹ ዜሮ የተበላባቸው ናቸው፣ አሥራ ሁለቶቹ በ251 ይጀምራሉ፤ ሁለቱንም በአንድ መስመር ኮድ ማስተካከል ይቻላል። መልዕክት ፈጽሞ የማይላክላቸው ባዶዎቹና የተበላሹት ናቸው፣ በድምሩ 31,000፣ ይህም 2.5 በመቶ። እዚህ ላይ ግምት የለም፣ የስህተት ህዳግም የለም። ቆጠራ ነው።

ግን ቅርጹ የተስተካከለ ስልክ ሁሉ ትክክለኛ ስልክ አይደለም። አሥር አሃዙ የተሟላ ሆኖ የጎረቤት ስልክ ሊሆን ይችላል፣ ወይም ጸሐፊው አንዷን አሃዝ አዛንፏት ይሆናል። ያንን ማሽን አያውቅም። ስለዚህ ከቀሩት 1,209,000 ረድፎች 400 በዕጣ አውጥተን ከወረቀት ፎርሙ ጋር ማመሳከር ጀመርን፦

```python
ok = d[d["phone"].str.len().isin([9, 10, 12])]
n = ok.sample(n=400, random_state=17)
n.to_excel("namuna.xlsx")
```

`random_state` ላይ ያለው 17 ምንም ተዓምር የለውም፤ የፈለጋችሁትን ቁጥር ስጡት። ጥቅሙ ነገ ሌላ ሰው ይህንኑ ኮድ በዚሁ ፋይል ላይ ሲያስኬድ እነዚያኑ 400 ሰዎች ማግኘቱ ነው። «የሚመቻችሁን መርጣችሁ ነው» የሚል ሲመጣ ኮዱን ትሰጡታላችሁ። ናሙናውን በሲኤስቪ ሳይሆን በኤክሴል ፋይል ያስቀመጥኩትም ያቺ ዜሮ ስትከፍቱት እንደገና እንዳትጠፋ ነው። በመጀመሪያው ዓምድ የሚወጣው ቁጥር የረድፉ ቁጥር ነው፣ ከዜሮ ጀምሮ ስለሚቆጥር ራስጌው ተጨምሮ ዋናው ፋይል ላይ ያለው መስመር በሁለት ይበልጣል።

ለ1.2 ሚሊዮን 400 ምን ሊበቃ? ቢያንስ አሥር በመቶ አይባልም?

አሥር በመቶ ማለት 120,900 ፎርም ከመደርደሪያ ማውጣት ማለት ነው። መልካም ዕድል።

ትክክለኛነቱን የሚወስነው የናሙናው ብዛት ነው እንጂ ከፋይሉ ስንት በመቶ መሆኑ አይደለም። ፋይሉ 50 ሺህም ይሁን 5 ሚሊዮን፣ 400 በዕጣ የወጡ ረድፎች የሚሰጡት ግምት በከፋው ሁኔታ ወደላይም ወደታችም 5 ነጥብ ያህል ቢስት ነው (በተለመደው የ95 በመቶ እርግጠኝነት)። 100 ረድፍ ከሆነ 10 ነጥብ፣ 1,600 ከሆነ 2.5 ነጥብ። ስህተቱን በግማሽ ለመቀነስ አራት እጥፍ ሥራ ይጠይቃል ማለት ነው፤ ለዚህ ነው ብዙ ሰው 400 ላይ የሚያቆመው።

የስህተቱ መጠን አነስተኛ ሲሆን ህዳጉም ይጠባል። ከተመሳከሩት 352 ፎርሞች (የቀሩት 48 ወዴት እንደሄዱ ወደኋላ እነግራችኋለሁ) 30ዎቹ ላይ ስልኩ ከፋይሉ ጋር አልገጠመም። 8.5 በመቶ። ህዳጉ ሲሰላ ከ6 እስከ 11 በመቶ ገደማ ይሆናል። በሰው ሲታሰብ ከ73 ሺህ እስከ 133 ሺህ ደንበኛ ማለት ነው። የቀሪ ሂሳብ መልዕክት የምትልኩ ከሆነ ይሄን ያህል ሰው የሌላ ሰው ገንዘብ ሊያነብ ነው።

ትንንሽ ቅርንጫፎች ናሙናው ውስጥ አይገቡም፣ ምን ላድርግ?

እውነት ነው። 9,000 ደንበኛ ያለው አንድ ቅርንጫፍ ነበር፣ ከ400ው ውስጥ የደረሰው ሦስት ረድፍ ነው። በሦስት ረድፍ ማንንም መውቀስ አይቻልም።

ጥርጣሬ ካላችሁ ለዚያ ቅርንጫፍ ብቻ የተለየ ናሙና አውጡ። እኛ 60 ጨመርንለት፤ 24ቱ ላይ ስልኩ ስህተት ነበር። 40 በመቶ! ምክንያቱን ስንጠይቅ፣ ጸሐፊው ስልክ ለሌላቸው ደንበኞች ሁሉ የቀበሌ ሊቀመንበሩን ስልክ ሲሞላ ነበር የከረመው። ፎርሙ ባዶ ነው፣ ፋይሉ ግን ሙሉ። ሰውየው ክፉ አስቦ አይደለም፤ ሲስተሙ ስልክ ካልተሞላ አላሳልፍ እያለው ነው።

የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው፦ 60ዎቹን ከ400ው ጋር ደባልቀው አንድ በመቶኛ ያወጣሉ። 30 እና 24 ብትደምሩ፣ ለ352 እና ለ60 ድምር ብታካፍሉ 13 በመቶ ይወጣል። ውሸት ነው። ከጠቅላላው አንድ በመቶ እንኳ የማይሞላ ቅርንጫፍ የመላ ተቋሙን ቁጥር ጎትቶ አወጣው። ለየብቻ ጻፏቸው፤ «በአጠቃላይ 8.5 በመቶ፣ በዚህ ቅርንጫፍ 40 በመቶ»።

ፎርሙ ካልተገኘ ቀጥሎ ያለውን ሰው ብወስድስ?

አይሆንም። ይሄ የሁላችንም ፈተና ነው፤ ግምጃ ቤት ውስጥ አቧራ ለብሰህ ቆመህ የ212ኛው ሰው ፎርም ሲጠፋ፣ የ213ኛው እዚያው አጠገቡ ተቀምጧል። መውሰድ ነው የሚያምርህ። ግን ፎርሙ የጠፋው ደንበኛ ከተገኘው ጋር አንድ ዓይነት ነው ያለህ ማን ነው? ብዙ ጊዜ መዝገቡ የተዝረከረከበት ቦታ ነው ፎርምም የሚጠፋው።

ሦስት ምልክት ብቻ ተጠቀሙ፦ «ገጠመ»፣ «አልገጠመም»፣ «ማረጋገጥ አልተቻለም»። የኛዎቹ 48 ሦስተኛው ውስጥ ገቡ። ስናጣራ 41ዱ ከአንድ ቅርንጫፍ ናቸው፤ የወረቀት ማስቀመጫው ክፍል በክረምት ጎርፍ ገብቶበት ነበር።

እነዚህን በዝምታ አትለፏቸው፤ ሁለት ጫፍ ስሩላቸው። 48ቱም ትክክል ናቸው ብንል ስህተቱ ከ400 ውስጥ 30 ነው፣ 7.5 በመቶ። ሁሉም ስህተት ናቸው ብንል 78 ነው፣ 19.5 በመቶ። እውነቱ በመሃል የሆነ ቦታ ነው። አንባቢው ይሄን ሲያይ የ48ቱ ጉዳይ ምን ያህል እንደሚያንገዳግደው ራሱ ይፈርዳል።

በናሙናው ውስጥ አንድም ድግግሞሽ አላገኘሁም። ፋይሉ ንጹሕ ነው ማለት ነው?

በፍጹም። ድግግሞሽ በናሙና አይታይም፤ ሒሳቡ ራሱ ያስቃል። 31,000 ሰዎች ሁለት ሁለት ጊዜ ተመዝግበዋል እንበል፣ ማለትም ከፋይሉ 5 በመቶ። 400 ረድፍ በዕጣ ስታወጡ የአንዱ ሰው ሁለቱም ረድፎች አብረው የመውጣት ዕድላቸው ከምንም አይቆጠርም። ናሙናውን 300 ጊዜ ያህል ደጋግማችሁ ብታወጡ አንድ ጥንድ ብታዩ ነው።

ስለዚህ ድግግሞሽ የሚፈለገው ሙሉው ፋይል ላይ ነው። በመለያ ቁጥር ስንፈልግ ዜሮ ወጣ፤ ሲስተሙ ለእያንዳንዱ ምዝገባ አዲስ ቁጥር ስለሚሰጥ መለያው ሊደገም አይችልም። ደስ አይበላችሁ። በስም፣ በልደት ቀንና በቅርንጫፍ መፈለግ ያስፈልጋል፣ ችግሩም እዚያ ነው የሚጀምረው። አንዱ ጸሐፊ ኃይሉ ይላል፣ ሌላው ሀይሉ፣ ሦስተኛው ሃይሉ። ፀሐይ፣ ጸሐይ፣ ፀሀይ። ወልደማርያም በአንድ ቃል፣ ወልደ ማርያም በሁለት። ለማሽን እነዚህ ሁሉ የተለያዩ ሰዎች ናቸው።

መፍትሔው ለማወዳደሪያ ብቻ አዲስ ዓምድ መፍጠር ነው፤ ሐ፣ ኀ፣ ኃ፣ ሃ ሁሉም ወደ ሀ፣ ሠ ወደ ሰ፣ ዐ ወደ አ፣ ፀ ወደ ጸ (ከነዘሮቻቸው)፣ ክፍት ቦታውም ይወጣል። የሰውየውን ስም ግን አትንኩት። ስሙን ኃይሉ ብሎ የጻፈ ሰው ኃይሉ ነው።

ይህን ስናደርግ 18,600 ተጠርጣሪ ረድፎች ወጡ። ተጠርጣሪ ነው ያልኩት። ከነሱ 50 በዕጣ አውጥተን በዓይን ስናይ 38ቱ እውነትም የተደገሙ ናቸው፣ 12ቱ ግን ስማቸው እስከ አያት የገጠመ የተለያዩ ሰዎች ነበሩ። ናሙና እዚህ ላይ ጥቅም አለው፤ ማሽኑ ያመጣውን ክስ መፈተሽ።

ቀኖቹ የኢትዮጵያ ይሁኑ የፈረንጅ በምን አውቃለሁ?

አንድ ዓምድ ውስጥ ሁለቱም ተቀላቅለው ማግኘት እኛ አገር የተለመደ ነው። ወር 13 ካያችሁ የኢትዮጵያ ነው፣ ጳጉሜን። ቀን 31 ካያችሁ የፈረንጅ ነው። 30/02 የሚል ካለ ጥቅምት 30 ነው፣ ምክንያቱም የካቲታቸው 30 ኖሮት አያውቅም። ግን እነዚህ ራሳቸውን ያጋለጡት ብቻ ናቸው፤ ብዙዎቹ ሁለቱንም ሊሆኑ ይችላሉ።

የምዝገባው ቀን ላይ ዕድለኞች ነበርን። ተቋሙ መዝገቡን ኮምፒውተር ላይ ያስገባው በ2010 ዓ.ም. ነው፣ ፋይሉን የተቀበልነው በግንቦት 2016። ሁሉም በኛ አቆጣጠር ከተጻፈ ዓመቱ ከ2010 እስከ 2016 ነው፣ በፈረንጅ ከተጻፈ ከ2017 እስከ 2024። መዝገቡ ከሰባት ዓመት በታች ስለሆነ ሁለቱ አይነካኩም! ዓመቱን አይቶ መለየት ይቻላል። መዝገቡ ሁለት ዓመት ቢገፋ ኖሮ ይሄ ዘዴ አይሠራም ነበር።

የልደት ቀን ላይ ግን ዕድል የለም። 1975 የተባለ ሰው በየትኛውም አቆጣጠር 1975 ሊሆን ይችላል። እዚያ ላይ ፎርሙን ከማየት ውጭ መንገድ የለም። አንድ ነገር ልብ በሉ፣ ልደታቸው መስከረም 11 በፈረንጅ፣ ማለትም `11/09`፣ የሆኑ ሰዎች ከቁጥር በላይ በዝተው ካገኛችሁ፣ የኛ እንቁጣጣሽ ነው። ቀናቸውን የማያውቁ ሰዎች መስከረም 1 ተብለው ተመዝግበው፣ ከዚያ በኮምፒውተር የተቀየሩ ናቸው። ስህተት ከማለት «የማይታወቅ» ማለት ይሻላል።

አማርኛው ተበላሽቶ መጣ፣ ይድናል?

እንደ አበላሸጡ ነው። `áˆ°` የመሰለ ነገር ከሆነ ፊደሉ አልጠፋም፣ በተሳሳተ ኢንኮዲንግ ተነብቦ ነው፤ ፋይሉን በዩቲኤፍ-8 ስትከፍቱት ይመለሳል። `????` ከሆነ አልቋል፤ ላኪውን እንደገና ጠይቁ።

ሌላ ደግሞ ብዙ ሰው የማያየው አለ። በዩቲኤፍ-8 አንድ የግዕዝ ፊደል ሦስት ባይት ይይዛል። አንዳንድ ዳታቤዝ የስሙን ቦታ በፊደል ሳይሆን በባይት ስለሚለካ፣ 30 ተብሎ የተሠራ ቦታ አሥር ፊደል ብቻ ይገባበታል። ረጃጅም ስሞች ሁሉ ልክ አሥረኛው ፊደል ላይ ከተቆረጡ ምክንያቱ ይሄ ነው። የስሙን ርዝመት እንደ ስልኩ ብትቆጥሩት ወዲያው ይታያል።

አንድም ስህተት ካላገኘሁ «ዜሮ በመቶ» ብዬ ልጻፍ?

«ከ400 ውስጥ አልተገኘም» ብላችሁ ጻፉ። ቀላል መላ አለ፤ ሦስትን ለናሙናው ብዛት አካፍሉ። 3 ለ400 ሲካፈል 0.75 በመቶ ነው። ይህ ማለት ስህተቱ እስከ 0.75 በመቶ ደርሶም ቢሆን ናሙናችሁ ሳያየው ሊያልፍ ይችላል። በኛ ፋይል 0.75 በመቶ 9,300 ሰው ነው።

ማጠቃለያው ምን ይመስላል? ምሳሌ ስጠን።

ግማሽ ገጽ ከተባለ ግማሽ ገጽ። መጀመሪያ ፋይሉ ለታሰበው ሥራ ይሆናል ወይስ አይሆንም የሚለውን ጻፉ፣ ምክንያቱም ኃላፊው ከዚያ በታች ላያነብ ይችላል። ከዚያ የትኛውን ፋይል እንዳያችሁ፣ ምን እንደተቆጠረና ምን እንደተገመተ፣ ያልታየው ምን እንደሆነ። በመቶኛ ስትጽፉ ከስንት ስንት መሆኑን አብራችሁ ጻፉ። እኛ የላክነው ይኸውላችሁ፦

> ለምን ሥራ ይሆናል፦ ፋይሉ ለጠቅላላ ማስታወቂያ መልዕክት መዋል ይችላል። ቀሪ ሂሳብ ወይም ሌላ የግል መረጃ ለመላክ አሁን ባለበት ሁኔታ አይሆንም።
>
> የታየው፦ `customers.csv`፣ በግንቦት 2016 ዓ.ም. ለሁለተኛ ጊዜ የተላከው፣ 1,240,000 ረድፍ። የመጀመሪያው ቅጂ 191,425 ረድፍ ስለጎደለው አልተጠቀምንበትም።
>
> ከሙሉ ፋይሉ የተቆጠረ፦ 31,000 ረድፍ (2.5 በመቶ) ስልክ የለውም ወይም ስልኩ የተበላሸ ነው። 118,000 ስልኮች ቅርጻቸው ብቻ ስለሆነ የተዛባው በኮድ ይስተካከላሉ። 18,600 ረድፎች በድግግሞሽ ይጠረጠራሉ፤ ከነሱ በዕጣ ከታዩት 50 ውስጥ 38ቱ በእርግጥ የተደገሙ ናቸው።
>
> ከናሙና የተገመተ፦ በዕጣ ከወጡ 400 ረድፎች የ352ቱ ፎርም ተገኝቷል፤ በ30ዎቹ (8.5 በመቶ፣ ከ6 እስከ 11) ስልኩ ከፎርሙ ጋር አይገጥምም። ፎርማቸው ያልተገኘ 48 ናቸው፤ እነሱ ቢጨመሩ ውጤቱ ከ7.5 እስከ 19.5 በመቶ ባለው መካከል ይወድቃል። በአንድ ትንሽ ቅርንጫፍ ለብቻው ከታዩ 60 ረድፎች 24ቱ ስህተት ናቸው።
>
> ያልታየ፦ የቀሪ ሂሳብ ትክክለኛነት፣ የልደት ቀን። ስልኩ አሁንም በደንበኛው እጅ መሆኑም አልተረጋገጠም፤ የተመሳከረው ከፎርሙ ጋር ብቻ ነው።
>
> ከሁሉ በፊት የሚደረግ፦ ስልክ መሙላት ግዴታ መሆኑ ከሲስተሙ ይነሳ፤ የትንሹ ቅርንጫፍ ስልኮች ሁሉ እንደገና ይሰብሰቡ።

«ያልታየ» የሚለውን ክፍል ብዙ ሰው ይፈራዋል፣ ሥራውን ያልጨረሰ ይመስለዋል። እኔ ግን መጀመሪያ የማነበው እሱን ነው። የልደት ቀኑን ያልነካነው መልዕክት ለመላክ ስለማያስፈልግ ነው፤ ነገ አንድ ሰው ዕድሜ ሊያሰላበት ቢመጣ ማጠቃለያችን አይሸፍነውም፣ እሱም ተጽፎለታል።

አለቃዬ አንድ ቁጥር ብቻ ነው የሚፈልገው። «ጥራቱ 87 በመቶ» ዓይነት።

የሁሉም አለቃ እንዲያ ነው። ግን ባዶ ስልክን፣ የተደገመ ስምንና የተዘበራረቀ ቀንን አማካኝ አድርጎ የሚወጣ ቁጥር የምን በመቶ ነው? ለመልዕክቱ ስልኩ ነፍስ ነው፣ የልደት ቀኑ ደግሞ ምንም። ቁጥር ካስፈለገ ከሥራው ተነሱ፦ «መቶ መልዕክት ብንልክ ስንቱ ትክክለኛው ሰው ጋ ይደርሳል?» በኛ ፋይል ከመቶው ሁለት ሦስቱ አይላኩም፣ ከተላኩት ደግሞ ስምንት ዘጠኙ ሌላ ሰው ጋ ሊሄዱ ይችላሉ፤ ወደ 89 ገደማ ይደርሳል። ይሄን አለቃም ይረዳዋል።

በናሙናው ያገኘኋቸውን 30 ስህተቶች አርሜ ፋይሉን ብመልስ?

ማረሙ ክፋት የለውም፣ ለ30ዎቹ ሰዎች ጥሩ ነው። ግን ፋይሉ አልተሻሻለም፤ 73 ሺህ ይሁን 133 ሺህ የቀሩት እዚያው አሉ። የባሰው ስህተት ደግሞ ካረሙ በኋላ እነዚያኑ 400 መልሶ አይቶ «አሁን ንጹሕ ነው» ማለት ነው። እነሱማ በእጃችሁ ያጸዳችኋቸው ናቸው።

ቅርንጫፎቹ ስልኮቹን እንደገና ሰብስበው ሲልኩልን አዲስ 400 አወጣን፣ በ`random_state=18`። ያን ጊዜ 11 ስህተት ነው ያገኘነው።